ስልኩን የሰጠው ለቀጠሮ ነው፤ ማስታወቂያ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ አለኝ። ካርድ ክፍላችን ወደ 2,400 የሚሆን የታካሚ ስልክ ቁጥር አለው። ለገና የጥርስ እጥበት ቅናሽ አድርጌ ለሁሉም በአጭር መልእክት ልልክ አስቤያለሁ። ቁጥሩን ራሳቸው ስለሰጡን ችግር የለውም አይደል? በወር ስንት ጊዜ ብልክ ይሻላል? የማይፈልግ ሰው ካለ ደውሎ ይነግረናል ብዬ ነው የማስበው።»

ምላሽ፦

ችግር አለው። ታካሚው ካርድ ሲያወጣ ስልኩን የሰጠው ለሕክምናው ነው። ቀጠሮ ቢቀየር እንዲነገረው፣ ያሠራው ጥርስ ከላቦራቶሪ ሲመጣ እንዲደወልለት፣ ካርዱ ሲጠፋ በስልኩ እንዲፈለግለት ነው። ለዚያ ጉዳይ ቢደውሉለት ያመሰግንዎታል። በዚያው ቁጥር የቅናሽ ማስታወቂያ ሲልኩ ግን ያልተስማማበት ነገር ውስጥ ገቡ። «ቁጥሩን ራሱ ሰጥቶናል» የሚለው ክርክር ብዙ ቦታ እሰማዋለሁ፤ ግን አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ቁጥሩን ማን እንደሰጠ ሳይሆን ለምን እንደሰጠ ነው።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ አገራችን ውስጥ ሕጋዊ መሠረት አለው። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ከአዋጁ ሦስት ነገር መያዝ ይበቃል። አንደኛ፣ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዲሁ አይውልም። ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ መውሰድ ይችላል። ሦስተኛ፣ የጤና መረጃ ከተራው የግል መረጃ የበለጠ ጥበቃ አለው። ሦስተኛው ነጥብ የእርስዎን ክሊኒክ ከጎረቤትዎ የፀጉር ቤት ይለየዋል። የፀጉር ቤት ደንበኛ መሆን ስለ ሰውዬው ብዙ አይናገርም። የክሊኒክ ታካሚ መሆን ግን ይናገራል።

አንድ መልእክት የአገልግሎት ነው ወይስ ማስታወቂያ? ለመለየት ይህን ይጠይቁ፦ መልእክቱ ታካሚው ከእርስዎ ጋር አስቀድሞ ስለጀመረው ጉዳይ ነው ወይስ አዲስ ነገር እንዲገዛ ለመጋበዝ? «ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» የአገልግሎት መልእክት ነው። ሐኪሙ ከታካሚው ጋር «ከ6 ወር በኋላ ይታያል» ብሎ ከተስማማ፣ ያንን ማስታወስም አገልግሎት ነው። «ለገና 20 በመቶ ቅናሽ» ማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። የቀጠሮ ማስታወሻው ጫፍ ላይ «በነገራችን ላይ የጥርስ ማንጫ ቅናሽ አለን» ብለው ከቀጠሉ፣ ሙሉ መልእክቱ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ይህን እንዳያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ታካሚው ማስታወቂያው ሰልችቶት የእርስዎን መልእክቶች ማንበብ ሲተው ቀጠሮውንም አብሮ ያጣል። ባዶ የቀረ ወንበር ደግሞ ከቅናሹ የበለጠ ያስከፍልዎታል። የበዓል መልካም ምኞትም የክሊኒኩን ስምና ስልክ ይዞ ከሄደ ከማስታወቂያ ይቆጠራል።

ታዲያ ፈቃዱ እንዴት ይገኛል? በጣም ቀላሉና ጠንካራው መንገድ ካርድ ክፍል ላይ መጠየቅ ነው። ሰውዬው እዚያው ቆሟል፤ ማን እንደሚጠይቀውም ያውቃል። የካርድ ሠራተኛዋ ይህን ታንብብለት፦

«ስለ ቅናሽና አዲስ አገልግሎት በዓመት ከ4 የማይበልጥ አጭር መልእክት እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ? ባይፈቅዱም ሕክምናዎ ላይም ቀጠሮዎ ላይም ምንም ለውጥ የለም። በፈለጉ ጊዜ ማስቆም ይችላሉ።»

ይህ ጽሑፍ ለምን እንደሚላክ፣ ስንት ጊዜ እንደሚላክ፣ እምቢ ቢባል ምን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚቆም ይናገራል። ከዚህ ያነሰ ፈቃድ ደካማ ነው። ካርዱ ላይ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ይኑሩ። «አዎ» የሚለው አስቀድሞ ተሞልቶ መቅረብ የለበትም። ለሕክምና የሚፈረመው የስምምነት ቅጽ ውስጥ አንድ መስመር አስገብቶ በአንድ ፊርማ ሁለቱንም መውሰድም አይሆንም። የጥርስ ሕመም ይዞት የመጣ ሰው የሚያስፈርሙትን ሁሉ ይፈርማል፤ ያ ፈቃድ አይባልም።

ከዚያ መዝገብ ያስፈልጋል። ማን ፈቀደ፣ በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ጠየቀው፣ የተነበበለት ጽሑፍ የትኛው ነበር። ነገ አንድ ሰው «እኔ አልፈቀድኩም» ብሎ ቅሬታ ቢያቀርብ፣ ፈቃድ እንደነበረ የማስረዳቱ ሸክም የእርስዎ እንጂ የእሱ አይደለም። በቃል «እሺ» ያለ ሰውም ይቆጠራል፤ ግን ሠራተኛዋ እዚያው ቀኑንና ስሟን ትጻፍ። የሕፃናት ታካሚዎች ካርድ ላይ ያለው ስልክ የወላጅ ነው፤ የሚጠየቀውም የስልኩ ባለቤት ነው። ታካሚው በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንደሚመርጥም በዚያው ይጠየቅ።

አሁን ወደ 2,400ው ቁጥር እንምጣ። አንዳንዱ ከ5 ዓመት በፊት አንድ ጥርስ ነቅሎ የሄደ ሰው ነው። አንዳንዱ ቁጥር የአስታማሚ ወይም ያመጣው ጎረቤት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ ሲም ካርዱን ትቶት ኦፕሬተሩ ለሌላ ሰው ሸጦታል። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ክሊኒክ ላይ ሲሆን ከበድ ይላል። «ውድ እገሌ፣ የጥርስ እጥበትዎ...» የሚል መልእክት የማያውቁት ሰው እጅ ገባ ማለት የታካሚዎን ስምና ሕክምና ለባዕድ ነገሩ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የታካሚ ስም አይጻፍ፣ የተሠራለትም ሕክምና አይጠቀስ።

«ለሁሉም አንድ ጊዜ ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክት ብልክስ?» ሊሉኝ ይችላሉ። አልመክርም። ያልፈቀደን ሰው ለማስታወቂያ ፈቃድ በመልእክት መጠየቅ ራሱ ያልተፈቀደ መልእክት ነው፤ መልስ የሚሰጠውም ጥቂት ሰው ነው። ይልቅ ሰዎቹ ሲመጡ ይጠየቁ። በወር 200 የተለያዩ ታካሚዎች ይመጣሉ እንበል፤ ግማሾቹ «አዎ» ይበሉ። በ6 ወር ውስጥ 600 ቁጥር ይኖርዎታል። እነዚህ 600 ሰዎች በሕይወት ያለ ስልክ ያላቸው፣ በቅርቡ ያዩዎት፣ መልእክቱን የሚጠብቁ ናቸው። ወጪውም ከ2,400ው ሩብ ነው።

ወጪ ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ክሊኒክና የፀጉር ቤት ሳያውቁት የሚከፍሉት ነገር አለ። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄ ይገባበታል። በፊደላችን ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ መገጣጠሚያው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። ለተቀባዩ አንድ ሆኖ ይታየዋል፤ እርስዎ ግን የሁለት ይከፍላሉ። በላቲን በተጻፈ መልእክት መሐል አንድ የአማርኛ ሆሄ ብትገባ እንኳ ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል። በአፋን ኦሮሞ የሚጻፈው ቁቤ ስለሆነ ባለ 160 ነው።

ይህን የማነሳው ቦታ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማስቆሚያው መስመር ስለሆነ ነው። እስቲ በተግባር እንየው፦

«እስከ ሰኔ 30 የጥርስ እጥበት በ20% ቅናሽ። ማስታወቂያ እንዲቆም ወደ 09XXXXXXXX ሚስኮል ያድርጉ።»

ይህ 67 ሆሄ ነው፤ በአንድ መልእክት ይገባል። ግን የቀጠሮ ስልክ የለውም፣ የክሊኒኩም ስም የለውም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የሁለት መልእክት ዋጋ ከፍሎ ይህን መላክ ነው፦

«ከጥርስ ክሊኒካችን፦ የጥርስ እጥበት እስከ ሰኔ 30 በ20% ቅናሽ። ለቀጠሮ በ011XXXXXXX ይደውሉ። ማስታወቂያ እንዳይላክልዎ ከፈለጉ ወደ 09XXXXXXXX ሚስኮል ያድርጉ፤ ብር አይቆርጥም።»

ይህ 122 ሆሄ ነው፤ ሁለት ክፍል የሚይዘው 134 ስለሆነ «ከጥርስ ክሊኒካችን» የሚለውን በክሊኒኩ ስም ለመተካት ቦታ አለ። ለ600 ሰው ሲላክ 1,200 መልእክት ይከፈልበታል። በጀቱ ካልቻለ የተቀባዩን ቁጥር ይቀንሱ እንጂ የማስቆሚያውን መስመር አይንኩት።

ሚስኮል ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ብዙ የመልእክት አቅራቢ ድርጅቶች መልእክቱ በቁጥር ፋንታ በስም እንዲደርስ ያደርጋሉ። ስሙ በላቲን ፊደል ሆኖ ከ11 ሆሄ አይበልጥም። ያምራል፣ ሰውም ማን እንደላከ ወዲያው ያውቃል። ግን በስም ለመጣ መልእክት መልስ መስጠት አይቻልም። «ለማቆም STOP ብለው ይመልሱ» የሚል በስም የተላከ ማስታወቂያ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውዬው ቢጽፍም መልሱ የትም አይደርስም። እሱ አስቁሜያለሁ ብሎ ያስባል፤ በሚቀጥለው ወር ሲመጣበት የተናቀ ይመስለዋል። መልስ የሚቀበል አጭር ቁጥር ተከራይቶ በራስ ሰር ማስቆም ይቻላል፤ ግን ለአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ወጪው አያዋጣም። ሌላም እንቅፋት አለ። ሕዝባችን ወደ አጭር ቁጥር መላክ ይፈራል። ያልጠየቀው አገልግሎት በየቀኑ ብር የቆረጠበት ሰው ብዙ ነው፤ ለማቆም የላከው መልእክት ሌላ ሂሳብ የሚያመጣበት ይመስለዋል።

ሚስኮል ይህን ሁሉ ያልፋል። ያልተነሳ ጥሪ ሂሳብ አይቆርጥም። ማንበብና መጻፍ ብዙም የማይችል ሰውም ያውቅበታል። የሚያስፈልግዎ አንድ ርካሽ ስልክና አንድ ሲም ካርድ ነው። ጥቂት ደንቦች ግን አሉት። ቁጥሩ ለሌላ ለምንም ጉዳይ አይዋል፤ ለቀጠሮም ከዋለ የትኛው ሚስኮል የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ስልኩ ድምፁ ይጥፋ፣ ማንም አያንሳው፣ ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ እንዲያስተላልፍ የሚያደርገው አገልግሎትም ይዘጋ። ከተነሳ ይቆርጣል፤ ብር አይቆርጥም ያሉትም ውሸት ይሆናል። ሂሳብ የጨረሰ ሰው «ደውልልኝ» የሚል ጥያቄ ሊልክ ይችላል፤ እሱም እንደ ማስቆሚያ ይቆጠር። በጽሑፍ «አቁሙ» ብሎ የሚልክም እንዲሁ። ካርድ ክፍል መጥቶ የተናገረ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሐኪሙ «እባካችሁ ያ ሜሴጅ ይቅርብኝ» ያለም አስቁሟል። የማስቆሚያው በር አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

«ደውሎ ይነግረናል» ያሉት ለዚህ ነው የማይሠራው። የሚደውለው የተናደደው ሰው ብቻ ነው። ሌላው ዝም ብሎ ቁጥርዎን ብሎክ ያደርጋል። ያኔ የቀጠሮ ማስታወሻዎም አይደርሰውም፤ እርስዎም ምክንያቱን አያውቁም።

የሚስኮሉ ስልክ በየቀኑ ክሊኒኩ ከመዘጋቱ በፊት ይታይ፤ የደወሉት ቁጥሮችም በዚያው ቀን ይመዝገቡ። ለእያንዳንዱ አንድ ማረጋገጫ ይላክ፦ «ማስታወቂያ አቁመናል። የቀጠሮ መልእክት ግን ይደርስዎታል።» በቃ። ለምን ብሎ መጠየቅ፣ «ሐሳብዎን ከቀየሩ...» ብሎ መለመን አያስፈልግም።

ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውዬው አስቁሟል፣ ሠራተኛዋም ከዝርዝሩ ሰርዛዋለች። ከ3 ወር በኋላ ሌላ ሠራተኛ የድሮውን የኤክሴል ፋይል ታገኝና ትልክበታለች። ስለዚህ ያስቆመን ሰው ከመሰረዝ ይልቅ ለብቻው በ«አይላክ» ዝርዝር ውስጥ ማኖር ይሻላል። ማንኛውም ዝርዝር ከመላኩ በፊት ከዚያ ጋር ይመሳከር። ሲመሳከር ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ያው ቁጥር አንዱ ጋ በ0 ይጀምራል፣ ሌላው ጋ በ+251፣ ሌላው ጋ ኤክሴል የመጀመሪያውን 0 ውጦት በ9 ወይም በ7 ይጀምራል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ማነጻጸር ነው። የመላኪያ ቁጥሮቹ A ዓምድ ላይ፣ የ«አይላክ» ዝርዝሩ ባለ 9 አሃዝ ቁጥሮች D ዓምድ ላይ ካሉ፣ እነዚህን ሁለት ቀመሮች B2 እና C2 ላይ አስገብተው ወደ ታች ይጎትቱ፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
=COUNTIF(D:D,B2)
```

C ዓምድ ላይ 0 የወጣለት ይላክለታል። 1 ወይም ከዚያ በላይ የወጣለት አይላክለትም።

ስለ ብዛቱ ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፦ ወርሃዊ አይሁን። ድግግሞሹ ሰው አገልግሎቱን ከሚፈልግበት ጊዜ ጋር መሄድ አለበት። ሹሩባ የምትሠራ ሴት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትመለሳለች፤ ስለዚህ የፀጉር ቤት በወር አንድ ጊዜ ቢልክ ያስኬዳል። ጥርሱን ጥቅምት ላይ ያሳጠበ ሰው ግን ኅዳር ላይ ማስታወቂያ አይጠቅመውም። ለጥርስ ክሊኒክ በዓመት ከ4 በላይ አልመክርም። ፈቃድ ሲጠየቅ 4 ተብሎ ከተነገረ ደግሞ 5ኛው ያልተፈቀደ ነው፤ «ዘንድሮ ልዩ ቅናሽ ስላለ» የሚል ምክንያት አይሠራም። ከመላክዎ በፊት በቅርቡ ሙሉ ዋጋ ከፍለው የታጠቡትን ያውጡ። ባለፈው ሳምንት ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ዛሬ የቅናሽ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። የ3 ወር ገደብ ቢያደርጉ ይበቃል።

በዓል ዋዜማ ላይ አይላኩ። ያን ቀን የሁሉም ስልክ በምኞት መልእክት ይሞላል፤ የእርስዎ መሐል ላይ ይጠፋል። ሰውም ዶሮና ቅቤ ፍለጋ ላይ ነው። ከበዓሉ 10 ቀን ያህል ቀደም ብሎ በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ይላክ። እሑድ ጠዋትንና ዓርብ የጁምዓ ሰዓትን ይለፏቸው። የመላኪያው ፕሮግራም ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን ደግሞ ያረጋግጡ። ለጠዋት 3 ሰዓት ብለው 3:00 ከሞሉ መልእክቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ይቀሰቅሳል፤ መሞላት ያለበት 9:00 ነው። ቅናሹ የሚያበቃበትን ቀንም በወር ስም ይጻፉ። «እስከ 10» ብቻ ቢሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሰው ይከራከርዎታል።

መሄድ የሌለብዎትን ድንበር ደግሞ ልንገርዎ። ተቀባዮችን በሕመማቸው አይምረጡ። «ድዳቸውን ለታከሙት ብቻ ልላክ» ማለት የሕክምና ካርድ ለገበያ ማዋል ነው። መልእክቱን የሚልከው ሰው ስልክ ቁጥርና የፈቃድ ቀን እንጂ ካርድ ማየት የለበትም። ዝርዝሩን ለመልእክት አቅራቢ ድርጅት ሲሰጡ ለሌላ እንዳያውለውና እንዳይሸጠው በውል ይታሰር። ቁጥር ከሌላ ቦታ በፍጹም አይግዙ። የእርስዎ የጥርስ ክሊኒክ ስለሆነ የተቀባዩ ጓደኛ ስክሪኑ ላይ የክሊኒኩን ስም ቢያይ ብዙ ጉዳት የለውም። የማሕፀንና ፅንስ፣ የአባላዘር ወይም የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ቢሆን ግን በመልእክት ማስታወቂያ ጭራሽ አትላኩ ነበር የምለው። ባልና ሚስት በአንድ ስልክ በሚጠቀሙበት አገር የላኪው ስም ብቻውን ምስጢር ያወጣል።

ይህን ውጭ አገር ሆነው ለሚያነቡ የፀጉር ቤትና የክሊኒክ ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ደንቡ በራስ ሰር ለሚላክ የማስታወቂያ መልእክት አስቀድሞ የተጻፈ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያልተፈቀደ አንድ መልእክት 500 ዶላር ሊያስከስስ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1,500 ይደርሳል። እስራኤል ውስጥም ተቀባዩ ጉዳት ሳያስረዳ በአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሰቅል ሊፈረድለት ይችላል። መልእክቱ በአማርኛ መሆኑ ከዚህ አያድንም። ሚስኮል ብቻውንም እዚያ አይበቃም፤ STOP ብሎ ለመለሰ ሰው መላኩ መቆም አለበት።

ስለዚህ ለዚህ ገና ለ2,400ዎቹ አይላኩ። ቅናሹን ክሊኒኩ በር ላይና ካርድ ክፍል ይለጥፉት። ከነገ ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ የፈቃድ ጥያቄው ይነበብለት። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ ላይ ለፈቀዱት ብቻ ይላኩ። ከእያንዳንዱ መላክ በኋላ ሁለት ቁጥር ይያዙ፦ ስንት ሰው ቀጠሮ ያዘ፣ ስንት ሰው አስቆመ። ያስቆሙት ከያዙት ከበለጡ ወይ ድግግሞሹ በዝቷል፣ ወይ ፈቃዱ በደንብ አልተጠየቀም፤ ቀጣዩን ከመላክዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ካርድ ክፍል ሄደው ሲጠየቅ ይስሙ። ደጋግሞ የማይደርስበትን ቁጥርና «እኔ ታካሚ አይደለሁም» የተባለበትን ከዝርዝሩ ያውጡ።

ከመጀመሪያው መላክ በፊት በሁለት ስልክ ይሞክሩት፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም ይሁን። መልእክቱ ፊደሉ ሳይበላሽ መድረሱን ይዩ። ከሁለቱም ሚስኮል ያድርጉና ሂሳብ አለመቆረጡን ያረጋግጡ። ከዚያ ለሠራተኞቹ ምንም ሳይናገሩ እስከ ማታ ይጠብቁ። ሁለቱም ቁጥሮች «አይላክ» ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ለ600ዎቹ ይላኩ። አንዱ እንኳ ከቀረ መላኩ ይቆይ።